ሐዋሳ ላይ ውክልና የምታጽፉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን የሕግ ባለሙያ አስነብቧት

እማዬ አቶቴ ሰፈር ባለው ግቢዋ ውስጥ የምታከራያቸው አራት ክፍሎች አሏት። ለሕክምና አዲስ አበባ እህቴ ጋ መክረሟ ስለሆነ ልትወክለኝ አሰበች። ቀላል መስሎን ነበር።

መጀመሪያ ያጻፍንበት ቦታ ስሙ ይቅር። "ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ነገር እንዲፈጽም" ብለው "ሙሉ ውክልና ነው" አሉን። ኪራይ የያዘብንን ተከራይ ልከስ ስሄድ "ውክልናህ ክስ አይልም" ተብዬ ተመለስኩ። እማዬን ከሕክምናዋ አስነስቼ በአውቶብስ አመጣኋት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ቦታ ልጁ ከኮምፒውተሩ የተዘጋጀ ገጽ አውጥቶ ስማችንን ቀይሮ አተመልን። አሁን ደግሞ የሌለበት ነገር የለም። እኔም አንብቤዋለሁ፣ ግን ሁሉም ውክልና እንዲህ ነው ብዬ ዓይኔ አለፈው።

ጎረቤታችን ናት ወደዚህች የሕግ ባለሙያ የላከችን። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ "እማማ፣ ልጅዎ ምን እንዲያደርግልዎ ነው የፈለጉት?" አለቻት። "ኪራይ ይሰብስብ፣ መብራትና ውሃ ይክፈል፣ እምቢ ያለውን ይክሰስ" አለች እማዬ። ያንን ባለሙያዋ በእጇ ጻፈችው። ከዚያ የእማዬ ዓይን ደካማ ስለሆነ ሁለተኛው ቦታ የታተመልንን ወረቀት ጮክ ብላ፣ ቀስ ብላ አነበበችላት።

"እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ..."

"ምኑን ነው የሚሸጠው?"

"ቤቱን፣ እማማ።"

"በማርያም!"

"እንግዲህ ይሄን የፈለገው ኮምፒውተሩ ነው" ብላ ሰረዘችው። "ሌላ ሰው እንዲወክል" የሚለውንም ሰረዘች። "ንብረቶቼን" ያለው ቦታ ላይ የቤቱን ቁጥር አስገባች።

ሕጉ ሁሉ አልገባኝም። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205ን አሳየችኝ። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ መክሰስ በግልጽ ካልተጻፉ ተወካዩ ሊያደርጋቸው አይችልም። "ማንኛውንም ነገር" ማለት አስተዳደርን ብቻ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ለካ ፍርድ ቤት የመለሰኝ ይሄ ነው!

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። "ተከራዩ ግማሹን ልክፈልና ልውጣ ቢል ልጅዎ እሺ ይበል?" ብላ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ትንሽ አሰበችና "ይበል፣ ሰውም እኮ ይቸገራል" አለች። "እንዲታረቅ" የሚል ቃል ተጨመረ። ሁለቱም ቦታ ይሄን የጠየቃት የለም።

ለእኔም እፎይታ ነው። አራት ወንድምና እህቶች አሉኝ። "እንዲሸጥ" የሚል ወረቀት ይዤ ስዞር ቢያዩኝ ምን ሊያስቡ ነው?

የከፈልነው ከአውቶብሱ ትኬት ያነሰ ነው። አስነብቧት፣ በእግዜር። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ስላልፈቀደችልኝ። የፈለገ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።