ከበር በላይ የተለጠፈ ታፔላ ወይስ ወደ መንገድ የወጣ?

ጠባብ መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግድግዳውን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ከበሩ በላይ የተለጠፈውን ታፔላ በደንብ የሚያነበው ከመንገዱ ማዶ ያለው ነው፤ ሥሩ የሚያልፈው ቀና ካላለ አያየውም። ከግድግዳው ወደ መንገዱ የወጣው ግን ፊት ለፊቱ ይመጣለታል። ሁለት ቃል ይበቃዋል፦ «ጫማ ጥገና»። ከ12 ሜትር ላይ ጎልቶ እንዲነበብ ፊደሉ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን። የሰው ጭንቅላት እንዳይነካም ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ይሰቀል።

ለጠባብ መንገድ እኔ ወደ መንገድ የወጣውን እመርጣለሁ። ማዶ ታክሲ ተራ ካለ ግን የተለጠፈው ያዋጣል።

ታፔላው እግር ያዘገያል፤ ወደ ሱቁ የሚያስገባው ግን መስኮቱ ነው። ቀን ላይ መስታወቱ መንገዱን ብቻ መልሶ የሚያሳይ ከሆነ፣ ውስጡ የተደረደረው ዕቃ አይታይም። ዕቃው ላይ ያነጣጠረ ጠንካራ መብራት አብሩበት፤ ዋጋውንም ጻፉበት።