ምንም ሳትሸጥልኝ ፊቴን ያተረፈችልኝ ፋርማሲስት

ይህን የምጽፈው ሰፈራችን ላለችው ፋርማሲስት ምስጋና ስላለብኝ ነው።

ለብጉሬ አዳፓሊን 0.1% ጄል ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አገጬ በብጉር ተሞላ፤ የአፌና የአፍንጫዬ ዳር ደግሞ ተላጠ። ኢንተርኔት ላይ ግማሹ «ፐርጂንግ ነው፣ ታገሺ» ይላል፤ ግማሹ «ቶሎ አቁሚ»። ቱቦውን ይዤ ሄድኩላት።

መጀመሪያ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝ። «ድሮስ የት የት ነበር የሚወጣብሽ?» አለችኝ። አገጬ ላይ ነው። «እንግዲያው ይሄኛው ፐርጂንግ ይመስላል» አለች። መድኃኒቱ የቆዳን መታደስ ስለሚያፋጥን፣ ከስር ተደፍኖ የቆየው ቶሎ ይወጣል። የሚወጣውም በለመደበት ቦታ ነው፤ ከወትሮውም ፈጠን ብሎ ይደርቃል።

የአፌን ዳር ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ያቃጥልሻል?» ውሃ ሲነካኝ እንኳ ያቃጥለኝ ነበር። «ይሄ ብጉር የማያውቀው ቦታ ነው። ቆዳሽ ተቆጥቷል።» ለካ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩብኝ! እኔ አንዱን ብቻ ነበር የምፈልገው።

አጠቃቀሜን ጠየቀችኝ። ጥፋቴ ያኔ ወጣ። በየማታው፣ ፊቴ እንደረጠበ፣ ብዙ አድርጌ እቀባለሁ። ጠዋት ደግሞ በሳሊሲሊክ አሲድ እታጠባለሁ። (ብዙ ከቀባሁ ቶሎ ይሠራል ብዬ ነው፤ አትሳቁ።)

ማቃጠሉ እስኪቆም ሁለቱንም አስተወችኝ፤ ሽታ የሌለው ሞይስቸራይዘር ብቻ። ስድስት ቀን ፈጀ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ ያህል፣ በደረቀ ፊት ላይ፣ መጀመሪያ ሞይስቸራይዘር ተቀብቶ። የአፍና የአፍንጫ ዳር ላይ ቫዝሊን። ቀን ቀን ሳንስክሪን። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ስለሚሄድ፣ ማቃጠልን በትዕግሥት ማለፍ ጀግንነት አይደለም አለችኝ።

መቼ ልተው ስላት እንዲህ አለችኝ። የዐይን ቆብ ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ወይም ሽፍ ካለ፣ ዛሬውኑ። ብጉሩ ብቻ ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ እየቀነሰ መሄድ አለበት። በ12ኛው ሳምንት ለውጥ ከሌለ ወይም ከባሰ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም። ከእርግዝና ጋር ደግሞ አይሆንም፤ ይህን ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ።

አምና ፊቴን ያፈነዳብኝ ወፍራም ክሬምም ተነሣ። እኔ «ፐርጂንግ ነው» ብዬ ሁለት ወር ችዬው ነበር። ሳቀች። የሚያለሰልስ ክሬም የቆዳን መታደስ አያፋጥንም፤ ስለዚህ ፐርጂንግ የሚባል ነገር የለውም። በቃ ቀዳዳዬን ደፍኖኝ ነበር።

በየእሑዱ በአንድ መስኮት ስር ፎቶ አነሣ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት የአገጬ ብጉር ከአሥራ አንድ ወደ አራት ወርዷል። አሁን 13ኛው ላይ ነኝ፤ አንድ ብቻ አለ፣ እሱም ወር አበባዬ ሲደርስ የሚመጣው ነው።

ያን ቀን ምንም አልሸጠችልኝም፤ ቫዝሊኑም ቤቴ ነበር። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ቦታውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይቀንሳል፤ ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።