ካርድ ወይስ ስትራንድ? ለጨዋታ ገጸ ባሕርይ ፀጉር ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ሦስት ሆነን የስልክ ጨዋታ እየሠራን ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀጭን ሹሩባ የተሠራች፣ ከማጅራቷ በታች ግን ፀጉሯ ተለቆ ጉፍ ያለ ልጅ ናት። ፀጉሩን ከባዶ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረን ዶላር የሚከፍልልን ዘመድ ለምነን ሁለት ዓይነት ገዛን፤ አንዱ የካርድ፣ ሌላው የስትራንድ። ሁለቱም የሻጩ ገጽ ላይ ያምሩ ነበር። ሁለቱም እኛ ጋ ሲደርሱ ሌላ ነገር ሆኑ። የጠፋብንን ገንዘብ ማስመለስ ስላልቻልን ቢያንስ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ማየት እንዳለባችሁ ልጻፍ።

ካርድ ማለት እንደ ጥብጣብ ያለ ቀጭን ሜሽ ነው። በላዩ የብዙ ፀጉር ሥዕል ይለጠፍበታል፤ ፀጉር የሌለበትን ቦታ አልፋ ያጠፋዋል። ጥቂት መቶ ካርዶች ተደራርበው አንድ ራስ ይሞላሉ። ስትራንድ ግን ሥዕል አይደለም፤ እያንዳንዱ ፀጉር ለብቻው በነጥቦች የተሠራ መስመር ነው፤ ኢንጂኑ መስመሩን በየፍሬሙ ወደ ካሜራው ዞሮ የሚታይ ቀጭን ነገር አድርጎ ይስለዋል። ፋይሉም ብዙውን ጊዜ `.abc` ነው።

ከስትራንዱ ልጀምር፤ ነገሩ ቶሎ ስለሚያልቅ። ሻጮች የሚጽፉት የፀጉሩን ብዛት ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ግን የነጥቡ ብዛት ነው። 80,000 ፀጉር ያለው ለስላሳ ራስ፣ ለአንዱ ፀጉር 12 ነጥብ ቢበቃው፣ 960,000 ነጥብ ይሆናል። የእኛን ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ውሰዱና ደግማችሁ አስሉት። አንዱ ፀጉር 10 ጊዜ ቢጠቀለል፣ አንዱ ጥቅልል ክብ መስሎ እንዲታይ ደግሞ 8 ነጥብ ቢፈልግ፣ ለአንድ ፀጉር 80 ነጥብ ነው፤ በጠቅላላው 6.4 ሚሊዮን። አንዱ ነጥብ ቦታውንና ውፍረቱን ለመያዝ 16 ባይት ቢወስድ፣ ሳይታመቅ ለነጥቦቹ ብቻ 100 ሜጋባይት ገደማ ሄደ ማለት ነው። እኛ የገዛነው ስትራንድ ይህን ወጪ የሸሸ ነበር፤ ከሩቅ ጎፈሬ ይመስላል፣ ቀረብ ስትሉ ጥቅልሉ ሁሉ ማዕዘን ያለው የተሰባበረ ሽቦ ነው። ስለዚህ ሻጩን የአንዱ ፀጉር ነጥብ ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ ካልመለሰ ደግሞ በጣም ተጠግቶ የተነሳ ምስል ጠይቁ። ለስልክ ከሆነ ይህንንም አትድከሙ፤ ስትራንድ የሚፈልገውን ጉልበት አብዛኛው ሰው የያዘው ስልክ አይሰጥም። ስትራንድ በደህና ጂፒዩ ለሚሠራ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ከሁሉ ይልቅ ፊት ተጠግቶ ለሚታይበት ትዕይንት ነው።

ካርዱ ላይ ያየነው መከራ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ልጅቷን ከግራ በኩል ስናያት ደህና ነበረች። ከቀኝ ስናዞራት ግን የማጅራቷ ፀጉር ተበሳ፤ በቀዳዳው የኋላው ግድግዳ ይታያል። መጀመሪያ ቴክስቸሩ የተበላሸ መስሎን ነበር። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው።

ነጠላን አስቡት። ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር ስስ ጨርቅ ብትደርቡና ጥቁር ላይ ነጭ ብትደርቡ የምታዩት ቀለም አንድ አይደለም። ከፊል ግልጽ የሆነ ካርድም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ያለው መጀመሪያ፣ ከፊት ያለው መጨረሻ መሳል አለበት። በቁጥር እንየው። ከበስተጀርባ ያለው ግድግዳ ብሩህነቱ 1.0 ይሁን፤ የኋላው ካርድ ቡናማ፣ 0.4፤ የፊተኛው ጥቁር፣ 0.1፤ የሁለቱም አልፋ 0.5። በትክክሉ ከኋላ ከተጀመረ፣ መጀመሪያ 0.5×0.4 + 0.5×1.0 = 0.7 ይሆናል፤ ከዚያ የፊተኛው ሲጨመር 0.5×0.1 + 0.5×0.7 = 0.4። ተገልብጦ ከተሳለ ግን 0.475 ይወጣል፤ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ስሕተት ነው፣ ብዙ ሰው አያየውም። የከፋው የፊተኛው ካርድ መጀመሪያ ተስሎ ርቀቱንም ከመዘገበ ነው። ያኔ የኋላው ካርድ «ተሸፍኛለሁ» ብሎ ሳይሳል ይቀራል፤ 0.55 ይሆናል፣ ግድግዳው በግማሽ ፀጉሩን አልፎ ይታያል። የእኛ ቀዳዳ ይህ ነበር።

ኢንጂኑ ለምን ራሱ አያስተካክለውም? ኢንጂኑ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ሙሉ ዕቃን ከሙሉ ዕቃ ጋር ነው፤ በአንድ ሜሽ ውስጥ ያሉ ካርዶች የሚሳሉት ፋይሉ ውስጥ በተደረደሩበት ተራ ነው። ተራው ከግራ ለሚያይ ትክክል ከሆነ ከቀኝ ለሚያይ የተገለበጠ ነው። ሻጩ የለጠፈው ምስል ከአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ምክንያቱን መገመት ትችላላችሁ።

መፍትሔው የድሮ ነው። ከውስጥ ያሉት ካርዶች መጀመሪያ፣ ከውጭ ያሉት መጨረሻ እንዲሳሉ ማድረግ፤ ከየትም አቅጣጫ ብታዩ ለእናንተ የሚቀርበው ጎን ላይ ውጩ ካርድ ከውስጡ ፊት ነው፤ የማዶውን ጎን ደግሞ ጭንቅላቱ ራሱ ይሸፍነዋል። ብሌንደር ላይ 3D ከርሰሩን ጭንቅላቱ መካከል አስቀምጣችሁ፣ ኤዲት ሞድ ውስጥ በፌስ ምርጫ ሁሉንም መርጣችሁ `Mesh > Sort Elements > Cursor Distance` ብትሉ ፌሶቹን በርቀታቸው ይደረድራቸዋል። ይህን አድርገን ዩኒቲ ውስጥ ስናስገባው ምንም አልተለወጠም፤ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ለካ ዩኒቲ ሜሹን ሲያስገባ ለፍጥነት ብሎ ተራውን ራሱ ይቀይረዋል። `Optimize Mesh` የሚለው ላይ `Polygon Order` እንዳይነካ ስናደርግ ቀዳዳው ጠፋ። ዘዴው ጉፍ ላለ አጭር ፀጉር ይሠራል፤ ወገብ ድረስ ለወረደ፣ በንፋስ ለሚወዛወዝ ፀጉር ግን ጭንቅላት የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ አይበቃም።

ይህን ሁሉ ላለማሰብ ብዙ ሻጮች አልፋውን ቆራጭ ያደርጉታል፤ ፒክስሉ ወይ አለ ወይ የለም፣ መደራረብ የለም። የተራ ችግር የለበትም፤ ለደካማ ስልክ እኔም ይህን እመርጣለሁ። ጫፉ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ገጸ ባሕርይዋ ስትርቅም ትንንሾቹ የቴክስቸር ቅጂዎች አልፋውን ስለሚያማክሉት ቀጭን ፀጉሮች ከመቁረጫው ወለል በታች ይወድቃሉ። ልጅቷ ከሃያ እርምጃ ርቀት መላጣ ሆና ታያላችሁ። ዩኒቲ ቴክስቸር ሲያስገባ ይህን ሽፋን የሚጠብቅ ምርጫ አለው፤ አብሩት።

ስትራንድ የአልፋ ሥዕል ስለሌለው ከዚህ ነፃ ይመስላል። አይደለም። አንድ ፀጉር ከአንድ ፒክስል ስለሚቀጥን፣ በአንድ ፒክስል ውስጥ ብዙ ፀጉር ይደራረባል፤ የተራው ጥያቄ ወደ ኢንጂኑና ወደ ጂፒዩው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በ2013 በወጣው ቶም ሬይደር የታየው የኤኤምዲ ትሬስኤፍኤክስ በየፒክስሉ የፀጉሮችን ዝርዝር እየያዘ የሚደረድር ነበር፤ ከባድነቱም ከዚያ ነው። ለገዢ ልዩነቱ ይህ ነው፤ በካርድ ላይ ጥፋቱን ራሳችሁ ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ፣ በስትራንድ ላይ በማሽን ትከፍላላችሁ።

ቀጥሎ አንጸባራቂው ነው። ፀጉር እንደ ኳስ በአንድ ነጥብ አያበራም፤ ብርሃኑ ፀጉሩን አቋርጦ እንደ አክሊል ይዘረጋል። አናይሶትሮፒክ የሚባለው ይህ ነው። ካጂያና ኬይ በ1989 ያቀረቡት ስሌት እስከ ዛሬ በስልክ ጨዋታዎች ይሠራል፤ በገጽታው አቅጣጫ ፈንታ የፀጉሩን አቅጣጫ፣ ታንጀንቱን፣ ይጠቀማል፦

```
float StrandSpec(float3 T, float3 H, float n)
{
    float d = dot(T, H);
    return pow(sqrt(max(0, 1 - d*d)), n);
}
```

ማርሽነርና ባልደረቦቹ በ2003 ትክክለኛውን ፀጉር ለክተው ሁለት አንጸባራቂ መስመር እንዳለ አሳዩ፤ አንዱ የብርሃኑን ቀለም የያዘ፣ ሌላው ወደ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣ የፀጉሩን ቀለም የያዘ፣ ከመጀመሪያውም ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ደህና የካርድ ሼደር ከላይ ያለውን ስሌት ታንጀንቱን ትንሽ እየገፋ ሁለት ጊዜ ያስላል። ካርዱ ቴክስቸሩ ላይ ተገልብጦ ከተቀመጠ `d` በራሱ ስለሚባዛ ምልክቱ ለውጥ አያመጣም፤ ግፊቱ ግን ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። በጭንቅላቱ አንድ ጎን ነጩ መስመር ወደ ላይ፣ በሌላው ጎን ወደ ታች ሆኖ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ካርዱ በጎን ተኝቶ ከተቀመጠ ደግሞ አክሊሉ ይቀርና ብርሃኑ ፀጉሩን ተከትሎ እንደ ጅረት ይወርዳል።

በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፀጉር ለሉጫ ፀጉር የታሰበ ስለሆነ ዋናው ጥፋት ለእኛ የሚመጣው እዚህ ነው። የገዛነው የጥቅልል ካርድ ሥዕሉ ጥቅልል ነው፤ ታንጀንቱ ግን የካርዱን ርዝመት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጎፈሬው ላይ የሐር ፀጉር አክሊል ወጣበት፤ ፕላስቲክ ኮፍያ መሰለ። አንድ ከሰዓት እኅቴ በር ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስትሠራ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሚዶው ያለፈበት የተለቀቀው ፀጉር ላይ አንድም ቀጣይ መስመር የለም፤ እዚህም እዚያም ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ብቻ። ቅቤ የተቀባው ሹሩባ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጉንጉን አንድ አንድ ብርሃን ይዟል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ እንደተሰካ ጨሌ። ፀጉሩ በየጉንጉኑ አቅጣጫውን ስለሚቀያይር ነው። ስለዚህ ለጥቅልልም ለሹሩባም ስትገዙ የፀጉሩን አቅጣጫ በየፒክስሉ የያዘ ቴክስቸር፣ ፍሎው ማፕ የሚባለው፣ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ እኔ አልገዛም።

በመጨረሻ የያዝነው ሁለቱንም አይደለም ማለት ይቻላል። ሹሩባውን አልፋ የሌለው ሙሉ ሜሽ አደረግነው፤ ሹሩባ ራሱ ድፍን ነገር ነው፣ ለምን በካርድ እንደሚሸጡት አይገባኝም። የጉንጉኑን አቅጣጫ በፍሎው ማፕ ጋገርንለት፣ የአንጸባራቂውን ጥበት የሚወስነውን `n` ን ከ30 ወደ 90 አነሳን፣ ቅቤው መጣ። ማጅራቷ ላይ ብቻ 140 ካርድ ቀረ፤ እነሱንም ከውስጥ ወደ ውጭ ደረደርን። ያን የተሰባበረ ስትራንድ ብሌንደር ውስጥ ነጥቡን አብዝተን፣ ጥቅልሉን አለስልሰን፣ የካርዶቹን ሥዕልና ፍሎው ማፕ የጋገርነው ከእሱ ነው።

እናንተም ለስልክ የምትሠሩ ከሆነ ፍሎው ማፕ ያለው ካርድ ግዙ፤ ለኮምፒውተር ከሆነና ገጸ ባሕርይዋ ተጠግታ የምትታይ ከሆነ ነጥቡን ቆጥራችሁ ስትራንድ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሻጩን አንድ ቪዲዮ ጠይቁ፤ ፀጉሩ ደማቅ አረንጓዴ ጀርባ ላይ አንድ ዙር ሙሉ ሲዞር የሚያሳይ፣ ብርሃኑም ከጎን የሆነ። ቀዳዳው በአረንጓዴው፣ የተሳሳተው አክሊል በብርሃኑ ይታያል።