የስምምነት መለያያ ክፍያ፦ በፊርማ ዕለት ወይስ ከንብረት ርክክብ በኋላ?

አሠሪና ሠራተኛ በስምምነት ሲለያዩ፣ የመለያያ ደብዳቤው በሚፈረምበት ዕለት የሚፈጸም ክፍያ ለሠራተኛው አስተማማኝ ነው፤ አሠሪው ግን ላፕቶፑና የመግቢያ ካርዱ ሳይመለሱለት ገንዘቡን ይለቃል።

ከርክክብ በኋላ የሚፈጸም ክፍያ አሠሪውን ይጠብቃል፤ አደጋው ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። የመለያያ ደብዳቤው «ንብረቱ በአግባቡ ሲመለስ ይከፈላል» ብቻ የሚል ከሆነ፣ አንድ የተጫረ ስክሪን ሙሉውን ክፍያ ለማዘግየት ሰበብ ይሆናል። ስለዚህ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነመለያ ቁጥራቸው ተያይዞ፣ በተለመደ አጠቃቀም የመጣ እርጅና እንደ ጉዳት እንደማይቆጠር ተገልጾ፣ ክፍያው ርክክቡ በተፈረመ ለምሳሌ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚፈጸም ሊጻፍ ይገባል።

የሥራ ልምድና የምስክርነት ደብዳቤው ከሁለቱም አማራጮች ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ ጽሑፉ ላይ ሁለቱ ወገኖች አስቀድሞ ተስማምተውበት በአባሪነት ይያያዝ። የምስጢር ጠባቂነት ግዴታም ከክፍያው በኋላ የሚቀጥል በመሆኑ የክፍያ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይገባውም፤ ለሕግ አማካሪና ለግብር ባለሥልጣን መግለጽን ግን መፍቀድ አለበት።

ሠራተኛው ንብረቱን አስቀድሞ ካስረከበ የመጀመሪያው አማራጭ ይስማማል። ዕቃው ብዙ ከሆነ ወይም ሠራተኛው ከሩቅ የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛው ያመቻል፤ የ3 ወር ደመወዝ ለመክፈል የተስማሙ ወገኖች ደግሞ የሁለቱን ወር በፊርማ፣ የቀሪውን በርክክብ ማድረግ ይችላሉ።