ግቢ ልትገዙ ነው? አራቱን ጎን ብቻ ለክታችሁ አትፈርሙ

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ያለበት ግቢ ገዛሁ። የከፈልኩት የ225 ካሬ ነው። ያገኘሁት ግን 210 ካሬ ነው። በካሬ 8,000 ብር ስለተስማማን፣ በሌለው 15 ካሬ ምክንያት 120,000 ብር ከኪሴ ወጣ። ማንም ችካል አልነቀለም። ሜትሩም ትክክለኛ ነበር። ብሩ የሄደው በስሌቱ ነው። ይኸው ስሌት በየሰፈሩ ስለሚሠራበት ሌላ ሰው ሳይከፍል ልንገራችሁ።

ግቢው አራት ማዕዘን ነው፣ ግን ወደ ኋላ ይጠባል። በመንገዱ በኩል 20 ሜትር፣ በኋላ በኩል 10 ሜትር ነው። ግራው 13፣ ቀኙ 17 ነው። ደላላው አራቱንም ጎን እኔ ፊት ለካና ስልኩን አውጥቶ ደመረ። «ወንድምዓለም፣ የፊቱና የኋላው አማካይ 15 ነው። የግራና የቀኙም አማካይ 15 ነው። 15 በ15፣ 225 ካሬ!» አለኝ። ቁጥሩ ሲገጥም ደስ አለኝ። ሜትሩን አንደኛው ጫፍ ላይ የያዝኩት እኔው ስለነበርኩ ምንም አልጠረጠርኩም።

ችግሩ የገባኝ ውል ከተፈራረምን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አጥር ላሳጥር ስል አንድ የማውቃቸው ቀያሽ መጡልኝ። የደላላውን ስሌት ሳሳያቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሰያፉስ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ርቀት ማለታቸው ነው። «አልለካንም ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ግቢውን አልለካችሁትም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት እንጨት በአራት ምስማር መታችሁ ፍሬም ብትሠሩና ማገር ባታስገቡበት፣ ገፋ ስታደርጉት ይንጋደዳል። የእንጨቶቹ ርዝመት አይቀየርም፣ መሃሉ ያለው ቦታ ግን እየጠበበ ይሄዳል። መሬትም እንደዚያው ነው። በእኔ ግቢ ከኋላ ግራው ጥግ እስከ ፊት ቀኙ ጥግ 21 ሜትር ነው። አራቱ ጎን እንዳለ ሆኖ ይህ ሰያፍ 26 ሜትር ቢሆን ኖሮ ቦታው 173 ካሬ ገደማ ይሆን ነበር። ደላላው ግን ያኔም 225 ይለኝ ነበር! አራት ቁጥር ብቻ ይዞ ካሬውን ማወቅ የማይቻለው ለዚህ ነው። ሦስት ማዕዘን ግን አይንጋደድም። ሦስት ጎኑ ከታወቀ ስፋቱ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ግቢውን በሰያፉ ለሁለት ሦስት ማዕዘን መክፈል ነው።

ቀያሹ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ውድ መሣሪያ አልያዙም። ሲባጎ፣ ሜትርና ሁለት ችካል ብቻ ነው። ሲባጎውን በሰያፉ ላይ ወጥረው አሰሩት። ከዚያ እኔን የሜትሩን ዜሮ ፊት ግራው ጥግ ላይ አስይዘው፣ ሌላውን ጫፍ ራሳቸው ይዘው በሲባጎው ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። ቁጥሩ 13 አለ፣ 12 ከ40 አለ፣ 12 ደረሰ፣ ከዚያ ተመልሶ መጨመር ጀመረ። ትንሿ ቁጥር 12 ናት። እሷ ናት ከፍታው፣ ምክንያቱም ከጥግ ወደ ሲባጎው አጭሩ መንገድ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ነው። እስኳድራ እንኳ አላስፈለገንም። በሌላው ወገን ካለው የኋላ ቀኝ ጥግ ደግሞ ትንሿ ቁጥር 8 ሆነች።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። የሦስት ማዕዘን ስፋት መሠረቱ በከፍታው ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው። 21 በ12 ለሁለት፣ 126። 21 በ8 ለሁለት፣ 84። ሲደመር 210 ካሬ።

አላመንኩም። ስለ እውነት ሆዴ ተላወሰ። «እንዳትጠራጠር በሌላው ሰያፍ እንድገመው» አሉኝ። ቤቱ ወደ መንገዱ ተጠግቶ ስለተሠራ ሁለተኛው ሰያፍም ክፍት ነበር። ርዝመቱ 20 ሜትር ሆነ። ከፍታዎቹ 5.6 እና 15.4 ወጡ፣ ሲደመሩ 21። 20 በ21 ለሁለት፣ እንደገና 210። እናንተም ስትለኩ እንዲህ በሁለቱም ሰያፍ ሞክሩት። በዚህ ስፋት ባለ ግቢ አንድ ሁለት ካሬ ቢለያይ የሜትር መርገብ ነው። ከዚያ በላይ ከተለያየ አንዱ ልክ ተሳስቷልና ድገሙት።

ስለ አማካዩ ስሌት አንድ ነገር ያዙልኝ። ስህተቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚል አይደለም። አራቱም ጥግ በእስኳድራ ልክ የሆነ ቦታ ላይ ትክክል ይሰጣል። ከዚያ ውጭ ሁልጊዜ ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ጎኑ ሲያጋድል ርዝመቱ እንዳለ ይቆያል፣ ቀጥ ያለው ከፍታ ግን ያጥራል፤ ደላላው የሚያባዛው ደግሞ ርዝመቱን ነው። ስለዚህ ትርፉ ሁሌም ለሻጭ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ከ2,000 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ በኤድፉ ቤተ መቅደስ የመሬት መዝገብ ላይም ይሠራበት ነበር። ማርጀቱ ግን ትክክል አያደርገውም።

የማርቆስ መሬት ደግሞ ብዙው ተዳፋት ነው። ሜትሩን መሬት ለመሬት አትጎትቱት። 20 ሜትር ወርዶ 4 ሜትር ዝቅ የሚል ቁልቁለት፣ አግድም ሲለካ 19.6 ሜትር ነው። ካሬ የሚባለው አግድሙ ነው። ታች ያለው ሰው ሜትሩን ከፍ አድርጎ ይወጥረው፤ ቁልቁለቱ ከባድ ከሆነ ቆራርጣችሁ ለኩት።

ቤት ሰያፉን ከዘጋው፣ ወይም ግቢው አምስትና ስድስት ጥግ ካለው፣ ያው ነው፤ በሚመቸው በኩል ከፋፍሉት። መሃሉን በእስኳድራ ልክ የሆነ አራት ማዕዘን አውጡና ዳር ዳሩን የሚተርፉትን ሦስት ማዕዘኖች ለብቻ አስሉ። አጥሩ የወንዝ ዳር ተከትሎ የሚጠማዘዝ ከሆነ ግን ይህ ግምት ብቻ ነው። ለዚያ ቀያሽ ክፈሉ።

እኔ ብሬን አላስመለስኩም። ውሉ ላይ «225 ካሬ፣ ገዢው አይቶና ለክቶ የተረከበው» የሚል ተጽፎ ነበር፣ ያንን ደግሞ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምቼ ነው የፈረምኩት። እናንተ ሰያፉን ለኩ፣ ለክታችሁም ቀብድ ስጡ፣ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ውሉ ላይም ስፋቱ በሰያፍ የተለካ መሆኑ ይጻፍ፤ ካርታ ሲወጣ ከቀነሰ በካሬ ስንት ብር እንደሚመለስ ይጨመርበት።

ባለፈው እሁድ የባለቤቴ ወንድም ፍኖተ ሰላም ላይ ግቢ ሊገዛ ሲል ሲባጎዬን ይዤ ሄድኩ። 190 ካሬ የተባለው 182 ወጣ። ሻጩ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ «እስቲ እኔም ልያዘው» ብለው የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ይዘው ሁለተኛውን ሰያፍ አብረን ለካን። 182 ሆነ። በ182 ተዋዋሉ።