ለቤት እድሳት ጨረታ ስትጠሩ፦ በቁርጥ ወይስ በዝርዝር ዋጋ?

ቤት ለማደስ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ተቋራጮቹን በጠቅላላ ስንት ትሠሩልኛላችሁ ልበላቸው ወይስ እያንዳንዱን ሥራ ዘርዝሬ ላስሞላቸው?» መልሴ ዝርዝሩ ነው። ለቀለም ቅብ ወይም ለበር ቅያሪ ቁርጥ ዋጋ ይበቃል፤ ሥራው ከነመጠኑ ፊት ለፊት ይታያልና። ግድግዳና ወለል የሚፈርስበት እድሳት ላይ ግን ቁርጥ ዋጋ የሚረክሰው ውል እስክትፈርሙ ድረስ ነው።

2 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። ሴራሚኩ እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ከተለጠፈ፣ የበሩ ሲቀነስ ግድግዳው 20 ካሬ ሜትር፣ ወለሉ 5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዋጋውን በብር ሳይሆን ለማነጻጸሪያ በሚሆን ቁጥር እንግለጸውና፣ አንዱ ተቋራጭ በቁርጥ 100 አለ እንበል። ሌላው የዝርዝሩን ሰንጠረዥ ሞልቶ ድምሩ 112 መጣ። ብዙ ሰው 100ውን ይመርጣል።

አሁን ማፍረሱ ይጀመር። አሮጌ ሴራሚክ ሲነሳ ልስኑን ይዞ ይወድቃል። በቁርጥ የተዋዋለው «ሴራሚክ መቀየር ነው የተባልኩት፣ ልስን በዋጋዬ የለም» ይላል። ቤቱ ፈርሷል፣ ሌላ ተወዳዳሪ የለም፣ ስለዚህ ያለውን ትከፍላላችሁ። ለወደቀው 14 ካሬ ልስን በካሬ 1 ቢጠይቅ 14፣ ላላሰበው 6 ሜትር ቧንቧ በሜትር 0.8 ቢል 4.8፣ ለፍርስራሽ ማስወገጃ 4 ቢጨምር፣ 100 የነበረው 122.8 ሆነ።

በዝርዝሩ በኩል ደግሞ ልስን 20 ካሬ በ0.6፣ ቧንቧ 12 ሜትር በ0.5፣ ፍርስራሽ ማስወገድ ከነዋጋው አስቀድሞ ተሞልቷል። የተሠራው ልስን 14 ካሬ ስለሆነ 3.6 ይቀነሳል፤ ቧንቧው 18 ሜትር ስለሆነ 3 ይጨመራል። መጨረሻው 111.4 ነው። የነጠላ ዋጋው የተሞላው ሌሎች ተወዳዳሪዎች እያሉ ስለነበር ሊያስወድድ አልቻለም።

ስለዚህ ጥሪው ላይ «ሴራሚክ መቀየር» ብላችሁ አትለፉ። «የግድግዳ ሴራሚክ ማንሳት፣ 20 ካሬ፤ አብሮ የሚወድቅ ልስን አንስቶ እንደገና መለሰን፣ እስከ 20 ካሬ፣ ክፍያው በተሠራው ልክ» ብላችሁ ጻፉ። የውሃ ስርገት መከላከያ ለብቻው መስመር ይኑረው፤ ከሴራሚክ ጋር ከተደባለቀ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው።

«ወይም ተመጣጣኝ» የምትለውን ሐረግም አውጡ። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ለሙቅ ውሃ ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ስትጠይቁ የግፊት ደረጃውንም ጠቅሳችሁ «ፒኤን 20፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት 3.4 ሚሊ ሜትር» በሉ። ፒኤን 10 የሆነው በውጭ መጠኑ እኩል ነው፤ ውፍረቱ ግን 1.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀትና ግፊት ሲበዛበት ቶሎ ያረጃል። ተቆርጦ አፉ ሲታይ ልዩነቱ በዓይን ይለያል፤ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ግን ለመለወጥ አዲሱን ሴራሚክ መስበር ነው። ስለዚህ «ቧንቧው በግፊት ሳይፈተሽና ባለቤቱ ሳያየው አይለሰንም» የሚል መስመር ጨምሩ።

የጊዜ ሰሌዳውን በድምር ቀን ሳይሆን በየደረጃው ጠይቁ፤ ማፍረስ፣ ቧንቧ፣ ፍተሻ፣ ልስን፣ ስርገት መከላከያ፣ ወለሉን ውሃ ሞልቶ 24 ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ሴራሚክ። ከሁሉ ፈጥኖ እጨርሳለሁ ያለው ብዙ ጊዜ የቆረጠው የመድረቂያና የፍተሻ ጊዜውን ነው። ክፍያውም እነዚህን ደረጃዎች ይከተል፣ 10 በመቶው ሥራው ካለቀ በኋላ ስርገት አለመኖሩ እስኪታወቅ ይያዝ።

ዝርዝር ዋጋም የራሱ ወጥመድ አለው። ቀድሞ የሚከፈለውን የማፍረስ ሥራ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከሞሉት ሦስት እጥፍ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ሴራሚክ ደግሞ ከሁሉም በታች የሞላ ተቋራጭ ካያችሁ ተጠንቀቁ። ድምሩ ደህና ይመስላል፤ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ላይ ወስዶ ሥራውን በመሐል ቢተው የሚጎድለው የእናንተ ነው። ይህን ለመያዝ ሰንጠረዦቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በየመስመሩ አወዳድሩ።

መመዘኛውን ጥሪው ላይ አስቀድማችሁ ግለጹ። ለዋጋ ከ100 ውስጥ 50 ይበቃል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ለተወዳዳሪው ዋጋ ተካፍሎ በ50 ይባዛል። ቀሪውን በአካል ሄዳችሁ ለምታዩት የቀድሞ ሥራ፣ ለጊዜ ሰሌዳውና ለሚሰጡት የጥገና ዋስትና አከፋፍሉ። ሁለት ደንቦችም አክሉ፦ ነጠላ ዋጋና ድምር ካልተጣጣሙ ነጠላ ዋጋው ይጸናል፤ ባዶ የተተወ መስመር ደግሞ በሌሎቹ መስመሮች ዋጋ ውስጥ እንደተካተተ ይቆጠራል።