ስኳድራ ወይስ ከጥግ እስከ ጥግ ልኬት?

የበር ፍሬም ከመበየዱ በፊት ማዕዘኑን በስኳድራ ማየት ፈጣን ነው። ችግሩ ስኳድራው አጭር መሆኑ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ክንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ዓይን ሊያልፈው ይችላል፤ 2 ሜትር ቁመት ላይ ሲደርስ ግን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ያጋድላል።

ሜትር ዘርግቶ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ይህን ስህተት አጉልቶ ያወጣዋል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነው ይኸው ፍሬም አንዱ ሰያፍ 2239፣ ሌላው 2233 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ረጅሙን ሰያፍ ከሁለቱ ጥጎቹ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ነው። የሚቀነሰው 6 ሳይሆን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያጥር ሌላው ስለሚረዝም ሁለቱም 2236 ላይ ይገናኛሉ። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ስለሚላወስ እኔ ከ10 ሳንቲ ሜትር ምልክት ጀምሬ ነው የምለካው።

ሰያፉም ቢሆን ያታልላል። ላይኛው ብረት ከታችኛው ቢያጥርም ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ሰያፎቹ እኩል ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ትይዩ ብረቶችን አጋጥሞ ርዝመታቸውን ማየት ያስፈልጋል።

እኔ ስኳድራውን ብረቱን ለመደርደር ብቻ እጠቀምበታለሁ። አራቱን ጥግ በነጥብ ብየዳ ከያዝኩ በኋላ ሰያፉን እንደገና እለካለሁ፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋልና። ነጥቡ ላይ እያለ በመዶሻ ይመለሳል፤ ሙሉ ከተበየደ ግን መፍጫ ነው የሚጠብቀው።